የማይሳሳተው ድምር

በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በባንክ የብድር ክፍል የሠራ ሰው ቀይ እርሳሱንና ወረቀት እየተጠቀለለ የሚወጣበትን የመደመሪያ ማሽን አይረሳም። ነጋዴው የሀብትና ዕዳ መግለጫውንና የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን በታይፕ አስመትቶ፣ ከካርቦን ኮፒው ጋር አቅፎ ይመጣል። እኛ ዓምዱን ሁሉ እንደገና እንደምራለን፤ ልክ የሆነው ላይ ቀይ ምልክት እናሰፍራለን። ብዙ ጊዜ አይገጥምም ነበር። ያን ጊዜ የልዩነቱ መጠን ራሱ ይናገራል። ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ የሆነ ቦታ ቁጥር ተገለባብጧል፤ 5,400 መሆን የነበረበት 4,500 ተብሎ 900 ጎድሏል። የልዩነቱ ግማሽ መዝገቡ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ዴቢት መሆን የነበረበት ክሬዲት ሆኖ ገብቷል። አለቃችን ልዩነቱን አይተው፣ ወረቀቱን ሳይገልጡ፣ «የተገለበጠ ቁጥር ፈልጉ» ይሉን ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሐርጌሳ ላይ ያንኑ ሥራ ስጀምር የዘጠኙ ዘዴ ምንም አልጠቀመኝም። ለነጋዴዎች ዕቃ በዱቤ ወደሚያቀርብ ድርጅት ገብቼ ነበር። እዚያ ለመግባባት «ብድር» እንላለን እንጂ ወለድ የለም። አሠራሩ ሙራባሃ ነው፤ አበዳሪው ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ ለነጋዴው በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። የሚቀርቡልኝ መግለጫዎች ግን እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ በዶላር የተሠሩ፣ በኤክሴል የተጻፉ። ድምራቸውም ልክ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነው።

እዚህ አንዱን በዝርዝር ባወራው ይሻላል። ባለቤቱ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር መጋዘን ያላቸው የጨርቃጨርቅና የቤት ዕቃ ጅምላ ሻጭ ነበሩ፤ ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነበር የሚያወሩት። በማርች 2022 የ100,000 ዶላር ዕቃ ጠየቁ። የ2021 መግለጫቸው ሽያጭ 600,000፣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ 420,000፣ የሥራ ወጪ 60,000፣ የተጣራ ትርፍ 120,000 ይላል። በሌላው ገጽ ጥሬ ገንዘብ 15,000፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ 100,000፣ ስቶክ 240,000፣ መኪናና መደርደሪያ 45,000፣ በድምሩ 400,000። በዚያኛው በኩል በዓመት ውስጥ የሚከፈል ዕዳ 120,000፣ ካፒታል 280,000፣ እንደገና 400,000። በዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚሆነውን 355,000 ለ120,000 ዕዳ ስናካፍል ሦስት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የድርጅቱ ቅጽ የሚጠይቀው 2 ብቻ ነው። ሥራው በቅጹ ቢሆን ኖሮ እዚያው ባበቃ ነበር።

እኔን የያዘኝ ካለፈው ዓመት ጋር ሳስተያየው ነው። በ2020 ከ500,000 ሽያጭ ላይ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ሲቀነስ የቀራቸው 90,000 ነበር፤ ከመቶ 18። በ2021 ያው ዕቃ፣ ያው ገበያ፣ ያው ደንበኛ ከመቶ 30 አስገኝቷል። ጅምላ ሻጭ በአንድ ዓመት እንዲህ አይዘልም። ስቶኩም እንዲሁ ነው፤ በ2020 መጨረሻ 150,000 ነበር፣ የአራት ወር ተኩል ያህል ሽያጭ። አሁን ወደ ሰባት ወር ተጠግቷል። ዕቃ በፍጥነት የሚሸጥለት ሰው መጋዘኑ እንዲህ የሚሞላው ለምንድን ነው?

ሒሳቡን በዓመቱ ግዢ ሞከርኩት። መነሻ ስቶክ 150,000 ሲደመር ግዢ፣ ሲቀነስ መድረሻ ስቶክ 240,000፣ የተሸጠውን 420,000 መስጠት አለበት። ስለዚህ ግዢው 510,000 መሆን ነበረበት። የበርበራ ወደብን የጉምሩክ ወረቀቶች ደመርን፤ በእርግጥም 510,000 ሆነ። ሽያጩም በዛድ ከገባው የሞባይል ገንዘብና ከባንክ ሒሳባቸው ጋር ተቀራረበ። ይህ በእኛ ጊዜ ያልነበረ ጸጋ ነው፤ ያን ጊዜ የነጋዴን ሽያጭ ከራሱ ቃል ውጪ የሚያረጋግጥ ነገር እምብዛም አልነበረም። እንግዲህ ግዢውም ሽያጩም እውነት ከሆነ የቀረ ተጠርጣሪ አንድ ነው።

ፋይሉን ከፍቼ ስቶክ የተጻፈበትን ሴል ተጫንኩት። እዚያ መገኘት የነበረበት ከቆጠራ የመጣ ቁጥር ነው። የተገኘው ይህ ነው፦

```
=B15-B5-B6-B8
```

ከዕዳና ከካፒታል ድምር ላይ ጥሬ ገንዘቡን፣ ተሰብሳቢውንና ቋሚ ንብረቱን ቀንሶ የቀረውን ሁሉ «ስቶክ» ይላል። ማንም አልቆጠረም። ትርፉ አስቀድሞ ተወስኖ፣ ካፒታሉ ተጽፎ፣ ክፍተቱ በስቶክ ተሞልቷል። እንዲህ ያለ መግለጫ ድምሩ ሊሳሳት አይችልም፤ እንዲገጥም ነው የተሠራው።

መጋዘኑን ቆጠርን። የቆጠራው ቀን ማርች ስለነበር ከዓመቱ መባቻ ወዲህ የተሸጠውን በመግዣ ዋጋው መልሰን ደምረን፣ የገባውን ቀንሰን ወደ ዲሴምበር 31 ወሰድነው። ወደ 170,000 መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ራሱን ይተርካል። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 490,000 ይሆናል፤ ሽያጩ ከመቶ 18 ገደማ ያስተርፋል፣ ልክ እንደ 2020። ስቶኩም ወደ አራት ወር ይመለሳል። የተጣራው ትርፍ ግን ከ120,000 ወደ 50,000 ይወርዳል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ካፒታላቸው 220,000 ነበር፤ በዓመቱ ለቤትና ለልጆች ትምህርት 60,000 አውጥተዋል። በወረቀቱ ካፒታሉ ወደ 280,000 አድጓል፤ በእውነቱ ወደ 210,000 ወርዷል። ሰውዬው ከትርፋቸው በላይ እየበሉ ነበር፣ አላወቁም።

ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ያን ወረቀት የሠራልኝ ልጅ ‹ትርፉን ስንት ላድርገው?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር» አሉኝ። ውሸታም አልነበሩም። መግለጫ የሚሠራው እንዲህ ይመስላቸው ነበር።

ስለ ድሮው ብዙ የሚቆጨን አለን፤ ያን ቀይ እርሳስ ሳስብ እኔም አንዳንዴ ይቆጨኛል። ነገር ግን ያን ጊዜ ስቶኩን ማን ቆጥሮ ነበር? 900 ብር ስንፈልግ አምሽተን፣ ስናገኘው ተጨባብጠን ወደ ቤታችን ሄደናል፤ መጋዘኑ ግን ከቢሯችን ሁለት መንገድ ርቆ እንደተቆለፈ ቀርቷል። ዛሬ ኤክሴል መደመሩን ተረክቦናል፤ የተረፈንን ጊዜ ግን በቅጽ ላይ ምልክት በማድረግ እናሳልፈዋለን። በተስተካከለው ስቶክ እንኳ ቅጹ የሚጠይቀው ሬሾ ለእኚያ ነጋዴ 285,000 ለ120,000 ነው፤ 2ን ያልፋል፣ ቅጹም «ብቁ» ይላል።

ጥያቄው ገና ሳይወሰን፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በኤፕሪል 1 ቀን 2022 የሐርጌሳው የዋሄን ገበያ ነደደ። ከ100,000 ተሰብሳቢያቸው 65,000 ያህሉ በዚያ ገበያ ቸርቻሪዎች ላይ ነበር። የሒሳብ ደንቡ ከመዝጊያ ቀን በኋላ የደረሰ ቃጠሎ የዲሴምበርን ቁጥር አይለውጥም ይላል፤ በማብራሪያ መጠቀስ ብቻ አለበት። አበዳሪ ግን የሚከፈለው ከዲሴምበር ሳይሆን ከሚመጣው ወር ገንዘብ ነው። ተሰብሳቢውን ያለ ዋሄን፣ ስቶክንም ትቼ አሰላሁት፤ 50,000 በእጅ፣ 120,000 ዕዳ። ኮሚቴው ከተጠየቀው 40,000 ብቻ፣ ያውም በሁለት ጊዜ፣ ፈቀደ።

ስቶክን አስቀርቶ የሚያሰላ መስመር በቅጹ ላይ እንዲጨመር በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ጠየቅሁ። እስክለቅ ድረስ አልተጨመረም።