ከሻንጣው ጋር የላክነው ደብዳቤ

ልጃችን በመስከረም ወር ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት በገባች ጊዜ፥ እናቷ የሆንን እኛ ለአዳሪዎቹ ተቆጣጣሪ እንዲህ ስንል ጻፍን።

«ክብርት እመቤት ሆይ፤ ልጃችን የሚጥል በሽታ እንዳለባት ሳንሸሽግ እናስታውቅዎታለን። ሐኪሙ ያዘዘላት ካርባማዘፒን የተባለው ክኒን አንዱ ከጧቱ በ1 ሰዓት፥ ሁለተኛው ከምሽቱ በ1 ሰዓት ይሰጣታል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ ሰዓቱ ሲተላለፍ በሽታው መንገድ ያገኛል። ይህንንም ባለፈው ዐቢይ ጾም በቤታችን አየነው፤ እስከ 9 ሰዓት ልጹም ብላ የጧቱን ክኒን በስውር ተወችው፤ በሦስተኛውም ቀን ከምድጃው አጠገብ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ የንስሐ አባታችን በጾም ቀንም ቢሆን በሰዓቱ እንድትወስድ አዝዘዋታል።

ስለዚህ ክኒኑን በእጅዎ ሰጥተው ስትውጠው ይመልከቱልን። ቢረሳ እንዳስታወሱ ይስጧት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ ግን ያለፈውን ይተዉት እንጂ ሁለቱን በአንድነት አይስጧት። ብትወድቅ በጎኗ ያስተኟት፤ በአፏ ምንም አያግቡ፥ ክብሪትም አያሽትቷት። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሷት።»

ለገና ዕረፍት በመጣች ጊዜ በብልቃጡ የቀረውን ክኒን ቆጠርነው፤ አንድ እንኳ ትርፍ አልተገኘም።