አያቴና የመጀመሪያ ሱፌ

ዛሬ የምነግራችሁ አያቴ የሱፍ ልብስ ቀለም አመራረጥ እንዴት እንዳስተማረችኝ ነው።

የአጎቴ ሰርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አያቴ "የኔ ጌታ፣ ዘንድሮ ሱፍ ትለብሳለህ" አለችኝ። ገንዘቡን ያጠራቀመችው ጥጥ እየፈተለች፣ ፈትሉን ለሸማኔ እየሸጠች ነው። ቅዳሜ ዕለት መርካቶ ይዛኝ ሄደች።

ሱቅ እንደገባን ዓይኔ የሚያብረቀርቅ ቀይ ሱፍ ላይ አረፈ። "እማማ፣ ይሄን ግዢልኝ!" አልኳት። አልተቆጣችኝም። "ከሰርጉ በኋላስ የት ትለብሰዋለህ?" አለችኝ። "ለበዓል" አልኩ። "ለቅሶ ቤት ብንሄድስ?" ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ከዚያ ሦስት ኮቶች አስመረጠችኝ። የአያቴ ዓይን አሁን አሁን ስለደከመ "ደጅ አውጣቸውና አንተ እይልኝ" አለችኝ። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ቡኒ ነበሩ። ፀሐይ ላይ ሳያቸው ግን አንዱ "ጥቁር" ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ! "አየህ፣ አምፖል ቀለም ይደብቃል። እኔም የጥለት ክር የምመርጠው ደጅ አውጥቼ ነው" አለችኝ።

ቀጥላ እያንዳንዱን ኮት አገጬ ሥር እያስጠጋች መስታወት አሳየችኝ። "ኮቱን ሳይሆን ፊትህን እይ" አለችኝ። ቡኒው የቆዳዬን ቀለም ስለሚመስል ፊቴን አደበዘዘው። ጥቁሩ ደግሞ ትንሽ አከበደኝ። በጥቁር ሰማያዊው ግን ፊቴ ፈካ አለ። እሱን መረጥን።

ሸሚዙንም ጥቁር ሰማያዊ ላድርገው ስል የነጠላዋን ጫፍ አነሳችና "ነጠላው ነጭ ባይሆን ጥለቱ እንዲህ ይታይ ነበር?" አለችኝ። ነጭ ሸሚዝ ያዝን። "ቀይ ደግሞ ጥለት እንጂ ነጠላ አይሆንም። የወደድከውን ቀይ ለከረባት እናድርገው" አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ልንከፍል ስንል የኮቱ ሱሪ ጠበበኝ። ባለሱቁ ሌላ ሱሪ አመጣና "ያው ነው" አለ። አያቴ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ ብታይም ልዩነት አልታያትም፤ ገንዘቡን ከመቀነቷ መፍታት ጀመረች። እኔ ግን ሁለቱንም ይዤ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ሱሪው ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል! "እማማ፣ አይገጥምም!" ብዬ ጮህኩ። "ጎሽ! ኮትና ሱሪ ከአንድ ጣቃ ካልተቆረጡ ቀለማቸው ሊለያይ ይችላል" አለችኝ። ባለሱቁ ፈልጎ ትክክለኛውን አመጣልን።

በሰርጉ ቀን ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ነበር። አያቴ ግን ከሩቅ ጠራችኝ። "እንዴት አየሽኝ?" ስላት "በቀይዋ ከረባት ለየሁህ" ብላ ሳቀች።