አንድ ጥያቄ፣ 86 ፊርማ

ግንቦት 3፣ እሑድ
ከእድር ስብሰባ እንደወጣን ሜትር ይዘን ወደ ሰፈራችን ድልድይ ወረድን። አምና ክረምት የድልድዩ ቱቦ በደለልና በፌስታል ተደፍኖ ጎርፉ በላዩ ላይ ሲያልፍ የመንገዱን ጠርዝ በልቶት ሄዷል። 6 ሜትር ከነበረው ስፋቱ የቀረው 3 ሜትር ከ20 ብቻ ነው። ጉድጓዱ ቁመቴን ይውጣል። ሁለት ባጃጆች በጨለማ ገብተውበታል። አምና የተደፋው አንድ ቢያጆ ገረጋንቲ የመጀመሪያውን ዝናብ እንኳ አልቻለም፤ የሚይዘው ግንብ የለማ!

ግንቦት 6
ረቂቁን ጻፍኩ። የሰፈሩን ብሶት ሁሉ ስሰበስብ ሰባት ጥያቄ ሆነ፤ የመንገድ መብራት፣ የውሃ መቆራረጥ፣ የቆሻሻ ገንዳ… መዝገብ ቤት ሲሠሩ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ አንብበው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ደብዳቤ ሰባት ቢሮ ይዞራል። የመብራቱን መብራት ኃይል ሂዱ ይሏችኋል፣ የውሃውን ውሃና ፍሳሽ። መንገዱ እዚያው መሀል ተረስቶ ይቀራል።» ስድስቱን ሰረዝኩ። የቀረው ይሄ ነው፦ «ቱቦው ተጠርጎ፣ የተናደው ጠርዝ በድንጋይ ግንብ ተደግፎ፣ ክረምቱ ሳይገባ መንገዱ እንዲጠገንልን።» የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የመንገዱን ስፋትና አራት ፎቶ አያያዝን። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተሰጠ መብት መሆኑንም በአንድ መስመር ጠቀስን።

ግንቦት 10፣ እሑድ
ፊርማ ስናሰባስብ ዋልን። በየገጹ አናት ላይ ጥያቄውን ደገምነው፤ ባዶ ወረቀት ላይ የተፈረመ ፊርማ ነገ ለምን እንደተፈረመ አይታወቅም። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። እንጀራ የሚሸጡት እማማ ብዕሩን ትተው ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉ፤ «ያነበባችሁልኝ እሱኑ ነው አይደል?» ብለው አስደገሙኝ። ማታ ስንቆጥር 91 ሆነ። አንዱ አባወራ ግን ለአምስት ልጆቹም በራሱ እጅ ፈርሞላቸዋል። አንድ እጅ የጻፈው አምስት ስም ሌላውንም ያስጠረጥራል ብለን ሰረዝናቸው። 86 ቀረ።

ግንቦት 13
ሁለት ቅጂ ይዘን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ዋናውን ተቀብላ «በቃ፣ ሂዱ» አለች። ጡረተኛው ጎረቤቴ ግን ንቅንቅ አላሉም። «የእኛም ቅጂ ላይ ገቢ ይደረግበት እንጂ፣ የኔ ልጅ።» ማህተም፣ ቀንና ቁጥር አደረገችበት።

ግንቦት 22
ለመጠየቅ ሄድን። «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» አሉን። ቁጥሩን አሳየናቸው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ መጥቶ ለካ። ያገኘው 3 ሜትር ከ10 ነው፤ በሦስት ሳምንት አሥር ሳንቲ ሜትር ሄዷል። ሥራው መቼ እንደሚጀመር አልነገረንም። እስከዚያው ጠርዙ ላይ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ደርድረናል፤ በማታ የምታልፉ፣ ከድንጋዮቹ ራቅ ብላችሁ እለፉ።