የነፍሰ ጡሯ እራት ሚዛን ላይ ሲወጣ

«የምትበይው እኮ ለሁለት ነው!» ሲባል በምግብ ቤቴ ውስጥ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ባል ይላል፣ አማት ትላለች፣ አንዳንዴ አጠገባቸው ያለ የማያውቁት እንግዳ ሁሉ ይላል። ቁጥሩ ግን እንዲያ አይልም። እዚህ አሜሪካ የሚሠራበት መመሪያ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ተጨማሪ ካሎሪ አያስፈልግም፣ በመካከለኞቹ ሦስት ወራት በቀን ወደ 340፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ወደ 450 ካሎሪ ይጨመር ነው የሚለው። ፕሮቲን በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ በቀን ወደ 25 ግራም ይጨመራል፤ የቀኑ ጠቅላላ ወደ 71 ግራም ይሆናል ማለት ነው። አውሮፓ የምትኖሩ ትንሽ ለየት ያለ ቁጥር ሊነገራችሁ ይችላል። መንታ ለያዘች ወይም ስኳር ላለባት ደግሞ ሐኪሟ የራሷን ቁጥር ይሰጣታል።

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ አንድ ቀን ወደ ማድቤቱ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ አሁን እኮ እራት ላይ አንድ ሙሉ እንጀራ ትጨርሳለች፣ ይበቃታል አይደል?» አለኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከአንድ ድስት ስንት ሰሃን እንደሚወጣና በሰሃኑ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ የየቀን ሥራዬ ነው፤ ሳላውቀው ብውል ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ «ቆይ እንመዝነው» አልኩት።

እናንተም ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። መመዘን ያለበት ከመሠራቱ በፊት ያለው ደረቁ ነገር ነው፤ የተሠራ ወጥ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ ያሳስታል። የእኔ አንድ እንጀራ 300 ግራም ይመዝናል፣ ከዚህ ውስጥ ዱቄቱ ወደ 120 ግራም ነው፣ ሌላው ውሃ ነው። ጤፉ ሲሰላ ወደ 430 ካሎሪና ወደ 14 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ የጥቅሉን ክብደት ለእንጀራው ቁጥር አካፍሉና ከመቶው 40ውን ዱቄት ብላችሁ ያዙት፣ ብዙ አትርቁም።

ምስር ወጡን ደግሞ ከድስቱ ጀመርን። 2 ኪሎ ምስር ክክና 600 ሚሊ ሊትር ዘይት ገብቶ 40 ሰሃን ይወጣዋል። ለአንድ ሰሃን 50 ግራም ምስርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደረሰ ማለት ነው። ምስሩ ወደ 175 ካሎሪና 12 ግራም ፕሮቲን አለው። ዘይቱ ብቻውን 120 ካሎሪ ነው፣ ፕሮቲን ግን ምንም የለውም። ሽንኩርትና በርበሬው ሲጨመር ሰሃኑ ወደ 315 ካሎሪ ይሆናል። ጎመኑና ሰላጣው ወደ 80 ካሎሪና 3 ግራም ፕሮቲን ያመጣሉ።

ሁሉም ሲደመር፣ ከሙሉ እንጀራው ጋር፣ እራቷ 825 ካሎሪና 29 ግራም ፕሮቲን ሆነ። ባልየው ፈገግ አለ። «450 እና 25 አላልሽም? አለፈች እኮ!»

ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። 450 እና 25 ድሮ ከምትበላው በላይ የሚጨመር ነው እንጂ ከእራቱ ጠቅላላ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ከማርገዝሽ በፊት እራት ምን ያህል ትበዪ ነበር?» ተብሎ ነው። ጠየቅኳት። ያው ምስር፣ ያው ጎመን፣ ግማሽ እንጀራ አለችኝ። ይህ 610 ካሎሪና 22 ግራም ነበር። አሁን የጨመረችው ግማሽ እንጀራ ብቻ ነው፤ 215 ካሎሪና 7 ግራም ፕሮቲን። ካሎሪው ከሚፈለገው ግማሽ አልሞላም፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ከሲሶ በታች ነው። ቁርስና ምሳዋ እንደ ድሮው መሆናቸውንም ነገረችኝ፤ እነሱ ጨምረው ቢሆን ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር።

«በቃ ሌላ ግማሽ ትጨምራ» አለ። ብትጨምር ካሎሪው 430 ይደርሳል፣ ይሞላል ማለት ይቻላል። ፕሮቲኑ ግን 14 ላይ ይቆማል፣ 11 ግራም ይጎድላል። የእኛ እራት ጠባዩ እንዲህ ነው፦ እንጀራና ዘይት ካሎሪውን ቶሎ ይሞሉታል፣ ሆድም አብሮ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ ወደ ኋላ ይቀራል። ወጡ ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ስታዩ ካሎሪው በዚያ በኩል እየገባ መሆኑን እወቁ።

ስለዚህ እንጀራውን ወደ ግማሽ መለስነውና ወጡን ጨመርን። ሁለተኛ ሰሃን ምስር፣ ዘይቱ በግማሽ ተቀንሶ፣ ወደ 255 ካሎሪና 12 ግራም ፕሮቲን አለው። በፍስክ ቀን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ስንጨምርበት 145 ካሎሪና 12 ግራም ይመጣል። ጭማሪው 400 ካሎሪና 24 ግራም ሆነ፤ ለመጥረጊያ ትንሽ እንጀራ ብታክልበት ይሞላል።

በጾም ቀን እንቁላሉ ቀርቶ እፍኝ የሽምብራ ቆሎና እፍኝ ለውዝ ይገባል። እያንዳንዳቸው 30 ግራም ከሆኑ በአንድ ላይ ወደ 285 ካሎሪና 13 ግራም ፕሮቲን ይሆናሉ። ካሎሪው ከ450 ትንሽ ያልፋል፣ ፕሮቲኑ ግን 25 ይደርሳል። መጾሙን ከንስሐ አባቷና ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራበታለች፣ እኔ አልገባበትም። ምስርና እንጀራ አብረው መበላታቸው ደግሞ በራሱ ጥሩ ነው፤ የአንዱ ፕሮቲን የጎደለውን የሌላው ይሞላለታል።

ወረቀቱ ላይ ሞላ። ሰባተኛ ወር ላይ ያለች ሴት ግን ሁለት ሰሃን ወጥ በልታ ብትተኛ ቃሩ ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጣታል፣ እሷም ይህንኑ ነገረችኝ። የሚፈለገው ጭማሪ የቀኑ ነው፣ እራቱ ላይ ብቻ መግባት የለበትም። እንቁላሉ ወደ ቁርስ ሄደ፣ ቆሎውና ለውዙ ቦርሳዋ ውስጥ ገቡ፣ ሁለተኛው ምስር ብቻ እራት ላይ ቀረ።

ሌላው ችግር ትሪው ነው። ከባሏ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበሉ ማን ምን ያህል እንደበላ ማን ያውቃል? ጉርሻውስ የማን ሒሳብ ውስጥ ይግባ? ለመመዘን የፈለጋችሁ ለሦስት ቀን ያህል ለብቻዋ ሰሃን አቅርቡላት፣ የተረፈውንም ቀንሱ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ የሚያቅለሸልሻት ቀን ላይ ልትወድቁ ትችላላችሁ።

«ፕሮቲን ከሆነ ለምን ክትፎ አትበላም?» የሚለኝም አለ። ጥሬውንም ለብለቡንም ለነፍሰ ጡር አላቀርብም፤ በደንብ የበሰለ ከፈለገች እሠራላታለሁ። አይቡም ከተፈላ ወተት ካልተሠራ ይቅር።

ሚዛኔ ሰሃኑን ነው የሚመዝነው። መድረሱን የሚያሳየው ክሊኒክ ውስጥ የምትወጣበት ሚዛን ነው። ሲጀመር ክብደቷ መካከለኛ ለነበረች ሴት በመጨረሻዎቹ ወራት በሳምንት ወደ 400 ግራም መጨመር የተለመደ ነው። የእህቴ ልጅ የምትመዘንበትን ቀን ማድቤቱ በር ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ቁጥሩን ስትነግረኝ የምስሩን ጭልፋ እንጨምራለን ወይም እንቀንሳለን።