አልጋዬን ለማን ሰጣችሁት?

ወንዱ ልጃችን እዚህ ሐዴራ ሲወለድ ታላቂቱ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። በማኅበራዊ ሥራ ላይ ስላለን ለብዙ ቤተሰቦች ስለዚሁ ጉዳይ ስንመክር ቆይተናል። በገዛ ቤታችን ግን ምጡ በሌሊት መጣና ልጅቱን ከነእንቅልፏ አቅፈን ናታኒያ ወደምትኖረው አክስቷ ላክናት። ምንም አልነገርናትም። የመለስናት በስምንተኛው ቀን፣ በብሪት ሚላው ዕለት ነው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ እልልታው ይቀልጣል። በእንግዶቹ እግር መካከል ሾልካ ወደ ክፍሏ ገባች። አጥር ባለው አልጋዋ ላይ ሕፃኑ ተኝቷል። ዞር ብላ፣ «አልጋዬን ለማን ሰጣችሁት?» አለችን።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ከባድ ነበር። ሽንቷን ከተቆጣጠረች ዓመት ያለፋት ልጅ ሌሊት ሌሊት መሽናት ጀመረች። ጡጦ ጠየቀች። ጋን ውስጥ ደኅና ስትውል፣ ቤት ስትገባ ታለቅሳለች። እናቷ ስትጠራት ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን የሕፃኑን እግር ቆንጥጣ ስናገኛት ተቆጣናት፤ «አንቺ እኮ ትልቅ ነሽ!» አልናት። ይህ አነጋገር ብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ ነው። ልጅ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ ትልቅ መሆን ማለት እቅፍ ማጣት ማለት ከሆነ፣ ማን ትልቅ መሆን ይፈልጋል? ሽንቱም ጡጦውም የመጣው ከዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ ጊቭዓት ኦልጋ የምትኖረው አያቷ መጥታ ከእኛ ጋር ሰነበተች። ነገሩን ተመልክታ፣ «ልጆቼ፣ እኛ አገር እንዲህ አልነበረም» አለች። በጎንደር መንደሮቻችን እናት ስትወልድ ከቤት ወጥታ በአራስ ጎጆ ትቀመጣለች፤ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን። በጎጆዋ ዙሪያ ድንጋይ ይደረደራል፤ ምግብ የሚያመጣላትም ሰው ከዚያ ወዲያ አይገባም። በዚህ ሁሉ ቀን ታላቁ ልጅ እናቱን አያገኝም። ቢሆንም ጎጆዋን ከሩቅ ያያል፣ ድምፅዋን ይሰማል፤ ያደረው በራሱ ቤት፣ የሚያጎርሱትም ሲወለድ ጀምሮ የሚያውቃቸው አያቱና አክስቶቹ ናቸው። የእኛ ልጅ ግን እናቷ የት እንደሄደች ሳታውቅ በማታውቀው ክፍል ነቃች። የመለየቱ ቀናት ብዛት ሳይሆን አለማወቁ ነበር የጎዳት።

አገር ቤት ቅናት አልነበረም ማለታችን አይደለም። እናት ባረገዘች ጊዜ ጡቷ ላይ መራራ ነገር ቀብታ ልጁን በአንድ ቀን ማስጣል የተለመደ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ሲከሳና ሲነጫነጭ ያላየ የለም። ሲሲሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 «ክዋሺዮርኮር» የሚለውን የምግብ እጥረት በሽታ ስም ለዓለም ያስተዋወቀችው ከጋና የጋ ሕዝብ ቋንቋ ወስዳ ነው። ትርጉሙም ታናሽ ሲወለድ ቦታውን የተነጠቀ ልጅ የሚይዘው በሽታ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ከመውለዳችን በፊት ምን ማድረግ ነበረብን? በመጀመሪያ መንገር። አያቷ በዚህ አልተስማማችም፤ ያልተወለደ ልጅ ማውራት ለዓይን ይዳርጋል ትላለች። እውነትም ለሦስት ዓመት ልጅ በሁለተኛው ወር መንገር አይጠቅምም፤ ሰባት ወር መጠበቅ አይችልም፣ ለጋኔነቷም ለጎረቤቱም ያወራዋል። ሆዱ ገፍቶ ሲታይ፣ ለመውለድ ሁለት ወይም ሦስት ወር ሲቀር መንገር ይበቃል፤ አያቷም ይህን ተቀበለች። ቀኑን በወር ስም ሳይሆን እርሱ በሚያውቀው ነገር መንገር ነው፤ «ፋሲካ ካለፈ በኋላ» እንደ ማለት። «የምትጫወትበት ወንድም ይመጣልሃል» ማለት ግን ውሸት ነው። የሚመጣው የሚያለቅስ፣ የሚተኛና የሚጠባ ሕፃን ነው፤ እንዲሁ መባል አለበት።

ሁለተኛው አልጋው ነው። አልጋ መቀየር፣ ጡት ማስጣል፣ ከፖፖ ጋር ማለማመድ ወይም ጋን ማስገባት ካለ፣ ሕፃኑ ከመምጣቱ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ይለቅ፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ ከወለዱ በኋላ ጥቂት ወር ይቆይ። ልጅቱ አዲሱን አልጋዋን ቀድማ ተኝታበት ቢሆን ኖሮ፣ አሮጌው የማን እንደሆነ ባልጠየቀችን ነበር።

ሦስተኛው የዚያች ሌሊት ነገር ነው። እናት ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ማን አብሮት እንደሚያድር ልጁ በስም ይወቅ፤ ያም ሰው ቀደም ብሎ አንድ ሁለት ሌሊት ቤታችሁ ይደር። በቅርቡ የመጣችሁና ዘመድ በቅርብ የሌላችሁ ከጎረቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ምጡ በሌሊት ቢመጣም ልጁን ቀስቅሶ «እናትህ ሕፃኑን ልትወልድ ሆስፒታል ሄዳለች፣ ትመለሳለች» ማለት፣ ጠዋት ባዶ ቤት ከሚያገኝ ይሻላል። ደኅና ከወለደች እናት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቀን ያህል በኋላ ትመለሳለች፤ እስከዚያ በስልክ ድምፅዋን ያሰሙት። ቤት ስትገባ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው፤ የእናት እጅ ለታላቁ ባዶ ይሁን።

ለእኛ ይህ ሁሉ አልፎ ነበር። የቀረንን አደረግን። ጡጦውን ስትጠይቅ ሰጠናት፤ በአራተኛው ቀን ሰልችቷት ተወችው። ስለ ሽንቷ አልተናገርንም፣ አንሶላ ብቻ ቀየርን። እናቷ ከጋን መልስ ሕፃኑን ለአያቷ ሰጥታ፣ በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ከእርሷ ጋር ብቻ መቀመጥ ጀመረች። ሰዓቱ መታወቁ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ «ቆይ በኋላ» ከሚባል፣ «ሻይ ከጠጣን በኋላ» ቢባል ይጠብቃል። ሕፃኑ በሚጠባበት ጊዜ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ተረት ትሰማ ነበር። አራስ ሊጠይቁ የሚመጡትንም አስቀድማችሁ ልጅቱን ሳሙ፣ ስለ ትምህርቷ ጠይቋት ብለን ለመንናቸው። አንዳንዶቹ ሳቁብን፣ አደረጉት ግን።

ስለ መቆንጠጧ አልቀለድንም። እጇን ይዘን፣ «ተናደሻል፣ መናደድ ይቻላል፤ እርሱን መንካት ግን አይቻልም» አልናት፣ መቱኝ ሳትል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከሕፃን ጋር ለአፍታም ብቻውን አይተውም፤ ክፋት ስላለበት ሳይሆን፣ ጉልበቱን ስለማያውቅ ነው። «ወደ ሆስፒታል መልሱት» ስትልም፣ «አንዳንዴ ባይኖር ትወጃለሽ» ብለን መለስንላት። ካፏ ሲወጣ ከእጇ ቀነሰ።

ሌሊት መሽናቷ በስድስተኛው ሳምንት ቆመ። ልጃችሁ መብላት ቢያቆም፣ ቢከሳ፣ ወይም ነገሩ ለወራት ሳይቀንስ ቢቀጥል ግን ለጢፓት ሐላቭ ነርስ ንገሩ። ነርሷ ስለ እናቲቱ ስሜትም 10 ጥያቄዎች ትጠይቃለች። እናት ራሷ ሐዘን ከተጫናት ታላቁን ማጽናናት አትችልምና በእውነት መልሱላት፤ በዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ የሚያስተረጉም ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የአሥር ዓመቷን ልጃችሁን ለዚህ አትውሰዱ።

አለፈ ብለን ስናርፍ በስምንተኛው ወር ተመለሰ። ሕፃኑ መዳህ ጀመረና የሠራችውን ግንብ አፈረሰባት። ጩኸቱ ከመጀመሪያው ወር የባሰ ነበር። አሁን «እርሱ ሕፃን ነው፣ ተይው» አላልናትም፤ ግንቡ የእርሷ ነውና። አብረን መጫወቻዎቿን ከወለሉ ወደ ጠረጴዛው አወጣን። ወንበር ላይ ቆማ እጁ የሚደርስበትን በዓይኗ ለካችና፣ «እዚህ አይደርስም» አለች። ቀጥላም አንድ ቀይ ኩብ መርጣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችለት።