ሰውዬው ይመጣል ወይስ ይምጣ?

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ዕቃ በጅቡቲ በኩል የሚያስገባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የደብዳቤ ሠራተኛ ነበርኩ። ጅቡቲ ያሉት ሰዎች የሚጽፉልን በፈረንሳይኛ ስለነበር፣ ፈረንሳይኛ ትንሽ የቀማመስኩት እኔ «አዋቂ» ተባልኩና ፋክሱ በእጄ ወደቀ። ሰው ባልበዛበት አገር አዋቂ መባል ቀላል ነው።

አንድ ቀን ኮንቴነሮቻችን ወደብ ላይ ቆመው የመጋዘን ኪራይ ይቆጠርባቸው ጀመር። አለቃዬ ተናደዱና «እዚያ ላለው ወኪላችን ሰኞ ወደቡ ድረስ እንዲሄድ ንገሩልን በላቸው» አሉኝ። ጻፍኩ። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጃችን በነገሩ በጣም መጨነቃቸውን ገለጽኩ። ቀጥዬ፦ «ዲት አ ኖትር አዣን ኪል ቪያን ኦ ፖር ላንዲ» አልኩ። (ፈረንሳይኛውን በጆሮ እንደሚሰማው በፊደላችን እያስቀመጥኩት ነው። «ቪያን» ስትሉ መጨረሻዋን «ን» በአፍንጫችሁ አስቀሯት።)

ሰኞ ሆነ። ወኪላችን ቤቱ ተቀምጧል። የጅቡቲዎቹ ሰዎች ግን መኪና አዘጋጅተው ወደቡ በር ላይ አለቃዬን ይጠብቃሉ! ማታ ላይ «ሥራ አስኪያጁ ለምን ቀሩ?» የሚል ፋክስ መጣ። አለቃዬ ፋክሱን ይዘው ጠረጴዛዬ ላይ ቆሙ። የሆነውን ለእናንተው ትቼዋለሁ።

ያዳኑኝ፣ ወይም በወጉ ያዋረዱኝ፣ ጎረቤት ቢሮ ውስጥ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ፈረንሳይኛውን ምድር ባቡር ሲሠሩ ነው የለመዱት፤ ከዚያ በፊት ግን ቅኔ ቤት ቆይተዋል። ፋክሱን አነበቡና «አንተ ልጅ፣ ‹እንደሚመጣ› እና ‹እንዲመጣ› አንድ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ እዚህ ምን አልክ? ወኪላችን ‹እሱ ሰኞ እንደሚመጣ› ንገሩት አልክ። እሱ ማን ነው? ከላይ የጠራኸው አለቃህ ነዋ! ‹እንዲመጣ› ለማለት ‹ኪል ቪዬን› ነው የሚባለው።»

ልብ በሉ፣ ልዩነቱ የአንዲት «ን» ጉዳይ ነው። «ቪያን» ላይ «ን» በአፍንጫ ታልፋለች፤ «ቪዬን» ላይ ጥርት ብላ ትሰማለች። የመጀመሪያው «ይመጣል» ነው፣ ወሬ ነው። ሁለተኛው «ይምጣ» ነው። ፈረንሳዮች ሰብዦንክቲፍ የሚሉት ይህ ነው። ሽማግሌው ግን በዚህ ስም አልጠሩትም። «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል» አሉና «ይቀትል ሲል ይገድላል ነው፤ ይቅትል ሲል ይገድል ዘንድ፣ ይግደል ነው። ዘንድ አንቀጽ አልተማርክም?» አሉኝ። አልተማርኩም። ትምህርት ቤት ሰንጠረዥ ነበር ያስሸመደዱኝ። በግዕዝ የገባኝ ፈረንሳይኛ ይሄ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየደብዳቤው «ኢል ፎ ክ» (ግድ ነው፣ ያስፈልጋል) የሚለውን ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ግስ ሁልጊዜ ዘንድ አንቀጽ ነው። «መኪናው ነገ መነሳት አለበት» ለማለት «ኢል ፎ ክ ለ ካሚዮን ፓር ድማን» እል ነበር፤ ትክክሉ «ፓርት ድማን» ነው። «ሰነዱ የተሟላ መሆን አለበት» ሲሆን «ለ ዶሲዬ ኤ ኮምፕሌ» ሳይሆን «ለ ዶሲዬ ሷ ኮምፕሌ»። እንዴት ይገኛል ለሚል፣ ሽማግሌው ያሳዩኝ መንገድ ይኸው፦ «እነሱ» በሚለው ያለውን ግስ ስሙት። እሱ ይነሳል «ፓር»፣ እነሱ ይነሳሉ «ፓርት»። እሱ ይወስዳል «ፕራን»፣ እነሱ ይወስዳሉ «ፕሬን»። የብዙው ድምፅ ነው ለነጠላው ዘንድ አንቀጽ የሚሆነው። ይህን እምቢ የሚሉት ጥቂት ናቸው፤ የሚያናድደው ግን ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምንጠራቸው እነሱው መሆናቸው ነው፦ መሆን «ሷ»፣ መኖር «ኤ»፣ ማድረግ «ፋስ»፣ መቻል «ፒዊስ»፣ ማወቅ «ሳሽ»፣ መሄድ «አይ»። እነዚህን ሸምድዶ መያዝ ነው፣ ሌላ መላ የለውም። መላክን የመሰለው ግስ ደግሞ በነጠላው ምንም ልዩነት አያሰማም፤ «አንቯ» ያው «አንቯ» ነው። ለዚህ ነው ሰው ዓመታት ሲሳሳት ሳይታወቅበት የሚቆየው።

ያስቸገረኝ «ቢያን ክ» ነበር። መምህሬ «ሰብዦንክቲፍ የጥርጣሬና የምኞት ነው» ብሎ አስተምሮኛል። እሺ። «መርከቡ ቢደርስም ሰነዱ አልደረሰም» ስል ግን ምን ጥርጣሬ አለ? መርከቡ በዓይን ይታያል! ስለዚህ «ቢያን ክ ለ ናቪር ኤ አሪቬ» ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ጋሼ «ኤ»ን በቀይ ሰርዘው «ሷ» አደረጓት። ተከራከርኩ። «አሁን በአማርኛ ምን አልክ?» አሉኝ። «ቢደርስም።» «‹ቢ› የምትለው ስትጠራጠር አይደለም እንዴ? ‹ቢመጣ እነግረዋለሁ› ትል የለም? ታዲያ መርከቡ ደርሶ ሳለ ‹ቢ›ን ምን አመጣት?»

እውነትም ምን አመጣት? እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው፤ «ቢደርስም» ስንል የመርከቡን መድረስ ዜና አድርገን እያወራን አይደለም። የምናወራው ስለ ሰነዱ ነው፤ መርከቡን ለሰነዱ ስንል ወደ ጎን አስቀመጥነው። «ቢያን ክ»ም እንዲሁ። ለማንኛውም ይህን ፍልስፍና ብላችሁ አትመኑበት፤ ያንኑ ትርጉም ያለው «ሜም ሲ» ተራውን ግስ ነው የሚወስደው፦ «ሜም ሲ ለ ናቪር ኤ አሪቬ»። ቋንቋ አንዳንዴ አመል ብቻ ነው።

አንዴ ከገባኝ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ያገኘሁትን ሁሉ ዘንድ አንቀጽ አለበስኩት። «ሰነዱ የተሟላ እንደሆነ ተስፋ እናደርጋለን» ለማለት «ኑ ኤስፔሮን ክ ለ ዶሲዬ ሷ ኮምፕሌ» ብዬ ኮራሁ። ስህተት! ምኞት «ስዌቴ» ሲሆን ነው «ሷ» የሚለው፤ ተስፋ «ኤስፔሬ» ግን «ኤ» ይላል። «አፕሬ ክ»ም እንዲሁ ነው። «መኪናው ሳይነሳ በፊት» ሲባል «አቫን ክ ለ ካሚዮን ፓርት»፣ ዘንድ አንቀጽ ነው፤ ገና አልሆነማ። «መኪናው ከተነሳ በኋላ» ሲሆን ግን ሆኖ ያለቀ ነገር ነው፦ «አፕሬ ክ ለ ካሚዮን ኤ ፓርቲ»። እዚህ ላይ «ሷ ፓርቲ» የሚሉ ፈረንሳዮች ሞልተዋል፤ «አቫን ክ» እየጎተታቸው ነው። ደብዳቤ ላይ ግን አይለመድም።

የመጨረሻዋን እርማት አልረሳትም። የጭነት ሰነድ ዘግይቶብን «ኢል ፎ ክ ቩ...» ብዬ ጀመርኩና ግሱን ሦስት ጊዜ አጣርቼ፣ ጆሮ የማይለያትን «ኢ» ሳይቀር በቦታዋ አስገብቼ ለጋሼ ሰጠኋቸው። አነበቡ። «ግሱ ልክ ነው» አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከነነፍሱ ሰረዙትና በላዩ ላይ «ኑ ቩ ፕሪዮን ድ ቢያን ቩልዋር ኑዛንቮዬ ለ ኮኔስማን» ብለው ጻፉ፤ እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን እንደ ማለት ነው። ዘንድ አንቀጽ የሚባል ነገር የለበትም።

«ምነው ጋሼ፣ ልክ ነው አላሉኝም?»

«ልክ ነው። ግን ዕቃህ በእጁ ላለ ሰው ‹ግድ ነው› ብለህ ትጽፋለህ እንዴ?» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።