በአይከል ለሚዘመር የትምህርት ቤት መዝሙር

የአንድ ትንሽ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝሙር ቦታው የጠዋት ሰልፍ ነው። ባንዲራ ሲሰቀል ልጆቹ በ1984 ዓ.ም. የወጣውን፣ ግጥሙን ደረጀ መላኩ መንገሻ ዜማውን ሰለሞን ሉሉ ምትኩ የደረሱትን ብሔራዊ መዝሙር ይዘምራሉ። ስለ አገር የሚባለው በዚያ ተብሏል። ለትምህርት ቤቱ መዝሙር የሚቀረው ስለ ግቢው፣ ስለ መንገዱና ስለ ልጆቹ መናገር ነው፤ ክፍል ሳይረፍድም ማለቅ አለበት። ስምንት ስንኝ ይበቃዋል።

ለዚህ የሚመቸው የወል ቤት ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ቀለሙ የሚቆጠረው በአፍ እንጂ በፊደል አይደለም፤ «መንገድ» አራት ፊደል ቢሆንም ሲነገር ሁለት ቀለም ነው። ስድስት ቀለም የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሳይጨነቅ የሚጨርሰው ርዝመት ነው።

ግጥም ጻፍ የተባለ መምህር መጀመሪያ የሚመጣለት እንዲህ ያለ ስንኝ ነው፦ «የማይምነት ጽልመት በጥበብ ሲገፈፍ»። ልኩ አልጎደለም። ነገር ግን አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ «ጽልመት»ን አያውቅም፤ ስንኙም የየትኛውም ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጭልጋ ከተማ ናት፤ ጎንደር በስተምሥራቋ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩትን ይዞ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

በጎንደር መንገድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣
እርሳስ ደብተር ይዞ ልጁ ሁሉ ይምጣ።

እዚህ ውስጥ መፍቻ የሚፈልግ ቃል የለም። ብርታቱም የመጣው ከማወደሻ ቃላት ሳይሆን ከጥሪው ነው፤ ሁሉም ልጅ ተጠርቷል።

ዜማው ከአራቱ ቅኝቶች በአንዱ ቢሠራ ልጆቹ ከቤት የሚያውቁት ድምፅ ስለሆነ ቶሎ ይይዙታል። ትዝታ ሁለት መልክ አለው፤ ሜጀር የሚባለው ፈካ ያለ ነው፣ ማይነሩ ግን ወደ ናፍቆት ስለሚስብ ለጠዋት አይሆንም። ከታችኛው እስከ ላይኛው ድምፅ ያለው ርቀት ከአንድ ኦክታቭ ባያልፍ ይመረጣል።

ጉድለቱ በልምምድ ላይ ይታወቃል። ትንንሾቹ የየስንኙን የመጨረሻ ቃል ብቻ ጮክ ብለው መሃሉን የሚያጉረመርሙ ከሆነ ቃሉ ከብዷቸዋል፤ መቀየር ያለበት ስንኙ ነው። ከፍ ባለው ቦታ ላይ መዝሙሩ ወደ ጩኸት ከተለወጠ ደግሞ ግጥሙ ጥፋት የለበትም፤ መሪው አነሣሡን ከፍ አድርጎት ነው። ክራር ወይም ማሲንቆ ካለ መነሻው ድምፅ ከእሱ ይያዛል፤ ከሌለ መሪው መጀመሪያ ላይኛውን ድምፅ ለራሱ አንጎራጉሮ፣ ትንንሾቹ እንደሚደርሱበት ካመነ በኋላ ወደ መነሻው ወርዶ ይጀምራል።